«ዝግጁ ነን» የሚለው ደብዳቤ

ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለውን መልስ ለምዷታል። አንዳንዴ መብራት ሄዷል ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ኔትወርክ ተቋርጧል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሲስተሙ እያለ የሚባለው ነው። ኮምፒዩተሩ በርቷል፣ መስመሩም ይሠራል፤ ቴለሯ ግን አዲሱን ገጽ ትኩር ብላ እያየች የቱን መጫን እንዳለባት ጠፍቷታል። ትጠይቀው ዘንድ ዞር ስትል አጠገቧ ያለውም ባልደረባ ግንባሩን እያሻሸ ነው።

ይህ እንዳይሆን ባንኮች አዲስ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ከመዘርጋታቸው በፊት የሚያደርጉት ምርመራ አለ። የለውጥ ዝግጁነት ግምገማ ይባላል። ሶፍትዌሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው የዚህ ግምገማ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለብቻው ይፈትኑታል። እዚህ የሚፈተሸው ሠራተኛው፣ የሥራው አካሄድና የመሥሪያ ቤቱ ልማድ አዲሱን ነገር ይሸከሙት እንደሆነ ነው። አስቸጋሪነቱም ከዚሁ ይጀምራል። «ዝግጁ ናችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይደለንም» የሚል ሰው ብርቅ ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ነው። ባንኩ ለዓመታት የሎይድስ ባንክን የኮምፒዩተር ሥርዓት በኪራይ ሲጠቀም ቆይቶ፣ የስፔኑ ሳባዴል ከገዛው በኋላ የራሱን መድረክ ለመያዝ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በአንድ ቅዳሜና እሁድ 5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን ወደ አዲሱ ሥርዓት አዛወረ። መረጃው በሰላም ተሻገረ፤ መድረኩ ግን ሲከፈት ተንገዳገደ። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሂሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፣ ሁሉም ቅርንጫፎች ተነኩ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። በታኅሣሥ 2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ብልሽቱ በዋናነት የቴክኒክ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን በኋላ በገለልተኛ የሕግ ባለሙያዎች የተደረገው ምርመራ ያወጣው ነገር ነው። መድረኩን የሠራው የሳባዴል የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ ሳቢስ፣ ለባንኩ ዝግጁነቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ሲነበብ ግን የተጠናቀቀ ሥራ ማረጋገጫ አልነበረም፤ ይደረጋል፣ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀውን የሚዘረዝር ነበር። ከሁለቱ የመረጃ ማዕከሎች በከባድ ጫና የተፈተነው አንዱ ብቻ መሆኑም የታወቀው በኋላ ነው። ዕቅዱ ራሱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ የተሠራ ነበር፦ መጀመሪያ የመክፈቻው ቀን ተቆረጠ፣ ከዚያ ሥራው በቀሩት ወራት ውስጥ እንዲገባ ተጨመቀ። ቀን ከተቆረጠ በኋላ «ዝግጁ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሠርግ ከተጠራ በኋላ ሙሽራዋን «ትወጂዋለሽ?» እንደማለት ነው።

ይህ የእንግሊዝ ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ የ«ዝግጁ ነን» ደብዳቤ በየአገሩ ባይኖር ኖሮ። በእኛ ባንኮች ደብዳቤው ከዲስትሪክት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ «ሠራተኞቻችን ሥልጠና ወስደው በሙሉ ዝግጁነት ላይ እንገኛለን» ብሎ ፈርሞ ማኅተም ያሳርፍበታል። ዋሽቷል ማለት አይደለም። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የተገኙት ሰዎች ስምም ተፈርሟል። የፊርማው ዝርዝር የሚነግረን ግን ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው።

በአሜሪካ ስለ ድርጅቶች ዝግጁነት የጻፈው ብራያን ዋይነር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ሰዎቹ ለውጡን በጋራ መፈለጋቸው፣ ሌላው እንደሚችሉት በጋራ ማመናቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ወጣቶቹ ቴለሮች አዲሱን ሲስተም እየናፈቁ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገና አልቻሉትም። ሃያ ዓመት የሠሩት ደግሞ ይችሉታል፣ ግን አይፈልጉትም። አሮጌውን ሲስተም ኪቦርዱን ሳያዩ ይሠሩበታል፤ ወረፋ ሲበዛ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፣ ጀማሪው የሚጠይቀውም እነሱን ነው። አዲሱ ሲመጣ ከጀማሪው እኩል ይሆናሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ተጨማሪ ሥልጠና መስጠት ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ ነው፤ አስቀድሞ አሠልጣኝ አድርጎ መሾም ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

መቻል አለመቻልን ለማወቅ የታወቀ ዘዴ አለ። ቴለሩን በመለማመጃው ሲስተም ላይ አስቀምጦ፣ ማንም ሳይረዳው፣ ዐሥር ሥራ እንዲሠራ መስጠት። ዐሥሩም ቀላል መሆን የለባቸውም፤ ሁለቱ በስህተት የገባ ገንዘብን መመለስንና ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ደንበኛን መፈለግን የመሰሉ ይሁኑ። ስንቱን በትክክል እንደጨረሰና በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ ይመዘገባል። ደቂቃው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ላሳይ።

አምስት መስኮት ያለው የገበያ ከተማ ቅርንጫፍ አስቡ። እያንዳንዱ ቴለር በቀን ለሰባት ሰዓት ማለትም ለ420 ደቂቃ ያስተናግዳል እንበል፤ አምስቱ በድምሩ 2,100 ደቂቃ አላቸው። በቀን 400 ደንበኛ ይመጣል፣ አንዱ በአማካይ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህ 1,600 ነው። ትርፍ አለ፣ ምሳም በሰላም ይበላል። አሁን በልምምዱ ላይ አንዱ ሥራ ስድስት ደቂቃ እንደፈጀ አየን። የመጀመሪያው ሳምንት 2,400 ደቂቃ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ያለው ግን 2,100 ነው። የጎደለው 300 ደቂቃ 50 ሰው ነው። በየቀኑ 50 ሰው ወይ ሳይስተናገድ ይመለሳል፣ ወይ ሠራተኛው አምሽቶ ይጨርሳል፣ የቀኑ ሂሳብም በሰዓቱ አይዘጋም። «ቴለሮቹ ጎበዞች ናቸው» የሚለው ሪፖርት ይህንን አያሳይም። መፍትሔውም የሚገኘው ከሒሳቡ ነው፦ ለሁለት ሳምንት አንድ ሰው ከሌላ ቅርንጫፍ መበደር፣ ወይም መክፈቻውን ደመወዝ ከሚከፈልበትና ከበዓል ዋዜማ ማራቅ።

የሥራ አካሄድን ለመገምገም መመሪያውን ማንበብ አይበቃም። መመሪያው ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይናገራል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው መስኮቱ ነው። ገምጋሚው ከቴለር አጠገብ ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን መዋል አለበት። ሲውል የሚያየው ነገር ይገርመዋል። ሲስተሙ የማይቀበለውን ነገር የሚመዘግቡበት የግል ማስታወሻ ደብተር ያያል። አንዳንዴም ከዚህ የከበደ ያያል።

ያንኑ ቅርንጫፍ እንቀጥል። በባንክ ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነን ወጪ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል። አጽዳቂው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን በሳምንት አንድ ቀን ለስብሰባ ዲስትሪክት ይሄዳል። ያኔ ደንበኛ እንዳይጉላላ የይለፍ ቃሉን ለአንድ ለሚያምነው ሠራተኛ ትቶ ይሄዳል። ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም፤ ሥራው ግን በዚህ ይሄዳል። አዲሱ ሶፍትዌር በይለፍ ቃል ፋንታ የጣት አሻራ ይጠይቃል። መልካም ነው፣ ለደኅንነቱ። ግን በመጀመሪያው የስብሰባ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እህል የጫነ ነጋዴ ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ የሚያጸድቅለት ጣት የለም። ቅርንጫፉም ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ «አዲሱ ሲስተም አይሠራም» ይላል።

ሲስተሙ ይሠራል። የጎደለው ሁለተኛ አጽዳቂ ነው፤ ይህም በአንድ ደብዳቤና በአንድ ሰው ምደባ ከወር በፊት የሚያልቅ ነገር ነበር። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ባህል የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። ገምጋሚው ከቁጥጥር ክፍል የመጣ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ወሬ በጭራሽ አይሰማም። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታም አለ፤ አለቃ በተቀመጠበት «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስላል። «እሺ» ሲባልም ሰምቼሃለሁ ማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄውን ማዞር ያስፈልጋል። «አንተ ትቸገራለህ?» ከማለት «ባልደረቦችህ የቱ ጋ የሚቸገሩ ይመስልሃል?» ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል። ስም የሌለበት ወረቀት በሥራ አስኪያጁ በኩል ሳይሆን በታሸገ ሳጥን ይሰብሰብ። መልሱ ሲመጣም አማካዩን ብቻ ማየት አያዋጣም። ከአምስት 4.3 ያገኘ ዲስትሪክት ውስጥ 2 ያገኘ ቅርንጫፍ ሊደበቅ ይችላል። ሁሉም ሠራተኛ ለሁሉም ጥያቄ 5 የሰጠበት ቅርንጫፍ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊጎበኝ ይገባል፤ ወይ ወረቀቱን አንድ ሰው ሞልቶታል፣ ወይ እዚያ ቤት እውነት መናገር ያስከፍላል።

ጥሩ ግምገማ ካለ በኋላም የሚፈርስበት ቦታ አለ። የመጀመሪያ መሞከሪያ እንዲሆን ምርጡ ቅርንጫፍ ይመረጣል፦ ዋና ከተማ ያለው፣ ኔትወርኩ የማይቆራረጥ፣ ሠራተኛው የተመረጠ። ሙከራው ይሳካል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ለቀሩት ቅርንጫፎች ግን ምንም አልነገረንም። መሞከሪያው መካከለኛው ይሁን፣ ቢቻል አንድ ደካማም ይጨመር። ውጤቱም ዕድሜው አጭር ነው። ቴለሮች ከባንክ ባንክ ይዘዋወራሉ፤ ከሦስት ወር በፊት ዐሥሩን ሥራ በትክክል የሠራው ልጅ ዛሬ ሌላ ባንክ ሊሆን ይችላል። ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት በፊት ልምምዱን እንደገና ማየት የግድ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ግምገማው ቀን የማስለወጥ ሥልጣን ከሌለው ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። «ያልደረሱ ቅርንጫፎች ይቆያሉ» የሚለው ውሳኔ ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፣ ከስንት በታች ያመጣ እንደሚቆይም ጭምር። የቲኤስቢ ደንበኞች ከብልሽቱ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 225,492 ቅሬታ አስገብተዋል፤ ባንኩ ወደ ወትሮው የተመለሰውም በታኅሣሥ 2018 ነው፣ ከስምንት ወር በኋላ።

ወረፋ ላይ ለሚቆሙት አንባቢዎች ደግሞ ይህችን ላክል። ቅርንጫፍዎ በሩ ላይ «ከሰኞ ጀምሮ በአዲስ ሲስተም እናገለግላለን» ብሎ ከለጠፈ፣ ለሳምንቱ የሚያስፈልግዎትን ገንዘብ ዓርብ ያውጡ፤ ደረሰኝዎንም አይጣሉ።