ልጆቻችን ቃላትን አስተካክለው እንዲጽፉ በቤት ምን እናድርግ?

ሁለተኛ ክፍል የምትማር አንዲት የቡሬ ልጅ «ቦርሳ» የሚለውን ቃል «ባርሶ» ብላ ጽፋ ወደ ቤቷ መጣች። እናቷም ትክክለኛውን አይታ ሃያ ጊዜ እንድትገለብጥ አዘዘቻት። ልጅቷ መጀመሪያ «ቦ»ን ከላይ እስከ ታች ደረደረች፤ ቀጥላ «ር»ን፣ በመጨረሻም «ሳ»ን። ገጹ ሞላ፤ ቃሉን ግን አንድ ጊዜም በአሳቧ ይዛ አልጻፈችውም። ከዚያ በኋላ ደብተሯን መደበቅ ጀመረች።

ስህተቷን ቀረብ ብለን ስናየው ከስንፍና የመጣ አይደለም። በ፣ ሰ እና ከ በአራተኛው ድምፅ (ባ፣ ሳ፣ ካ) ቀኝ እግራቸው ይረዝማል፤ በሰባተኛው (ቦ፣ ሶ፣ ኮ) ደግሞ ግራው። ልጅቷ ድምፁን ለይታ ሰምታለች፤ የተምታታባት የረጅሙ እግር አቅጣጫ ነው። ልምምዱም እዚያው ላይ ማረፍ አለበት።

ለአንድ ምሽት አራት ቃላትና አሥር ደቂቃ ይበቃሉ። ከቤት ዕቃ እንምረጥ፦ ባቄላ፣ ሳሙና፣ ኮፍያ፣ ቦርሳ። ልጁ ቃሉን አይቶ ያንብብ፤ ረጅሙን እግር በጣቱ ይንካ፤ ይሸፍነው፤ ድምፁን እያሰማ በቃሉ ይጻፍ፤ ከዚያ ገልጦ ራሱ ያስተያይ። የተሳሳተውን ፊደል ብቻ አርሞ ቃሉን አንድ ጊዜ ይድገም። በመድረሳ በሉሕ የቀራን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ ለኡስታዛችን ሳናሰማ ሉሑን አናጥብም ነበር። እዚህም ሳያስተያይ አያጥፋ። በገጠር ወረቀት ካጠረ ትሪ ላይ የተነጠፈ ደቃቅ አሸዋ ያገለግላል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም መርዳት ይችላሉ። ቃሉን ጎተት አድርገው «ቦ-ር-ሳ» ይበሉና ድምፆቹን በጣት ይቁጠሩ። ሦስት ድምፅ ተሰምቶ ሁለት ፊደል ከተጻፈ አንዱ ተዘሏል። ሆኖም ጠብቆ የሚነገር ድምፅ ተጨማሪ ፊደል የለውም፤ «ተናገረ» ለማለት የምንጽፈው «አለ» እና «ይገኛል» ለማለት የምንጽፈው «አለ» ሁለቱም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው።

ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ግን ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ በእነዚህ ልጁን አንቆጣው፤ የመማሪያ መጽሐፉ እንደጻፈው ያስለምድ።

ሦስት ምሽት በተከታታይ ሳይሳሳት የጻፈው ቃል ይውጣና በሌላ ይተካ፤ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይጠየቅ። ያኔ ከጠፋው ይመለስ። ከአራቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ከሳተ ቃላቱ በዝተውበታልና ወደ ሁለት እንቀንስ። እየገለበጠ ፊደሉን ወደ ታች መደርደር ከጀመረ ደግሞ ዓይኑ እንጂ አሳቡ እየሠራ አይደለም፤ የዚያን ምሽት ልምምድ እዚያው እናቁም።

የቡሬዋ ልጅም በዚህ መንገድ ከጀመረች በኋላ «ቦርሳ»ን ስትጽፍ መጀመሪያ እጇ ቆም ይላል። «ግራው ይረዝማል» ትልና ትቀጥላለች። ደብተሯንም ለእናቷ የምታሳየው ራሷ ናት።