አንድ ቴስተር፣ አንድ ገጽ

የፍተሻ ስልት ማለት አንድ ሶፍትዌር ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት የትኛው ክፍሉ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈተሽ፣ ማን እንደሚፈትሸውና የትኛው ሳይፈተሽ እንደሚያልፍ አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔ ነው። በትልልቅ ድርጅቶች ይህ ውሳኔ በብዙ ገጽ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይቀመጣል። ገና በተቋቋመ፣ አንድ ቴስተር ብቻ በቀጠረና አሠራሩን በጽሑፍ ባላሰፈረ ድርጅት ግን እንዲህ ያለውን ሰነድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው የለም። እዚያ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነው። ከገጹም ትልቁ ቁም ነገር «ይህን አንፈትሽም» የሚለው ክፍል ነው፤ ለመጻፍ የሚከብደውም እሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ የምግብ ትእዛዝ በስልክ መተግበሪያ ተቀብሎ በሞተር የሚያደርስ ስምንት ሰዎች ያሉት ድርጅት እንበል፤ አራት ፕሮግራመሮች፣ የደንበኞችን ስልክ የሚያነሱ ሁለት ሠራተኞች፣ ባለቤቱና አንዲት ቴስተር። በየሐሙሱ አዲስ የመተግበሪያው ቅጂ ይወጣል። ቴስተሯ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች፤ ከዚያ ላይ ስብሰባው፣ ተስተካከለ የተባለውን ስህተት መልሶ ማየቱና ከሠራተኞች ጋር መነጋገሩ ሲቀነስ ለፍተሻ የሚተርፋት 20 ሰዓት ገደማ ነው። ምዝገባው፣ ፍለጋው፣ ትእዛዙ፣ ክፍያው፣ የአድራሹ መተግበሪያና የምግብ ቤቱ ገጽ ሁሉ በየስልኩ ዓይነት ይፈተሽ ቢባል 20 ሰዓት ለግማሹም አይበቃም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የመስማት ሳምንት ነው። አሠራሩ አልተጻፈም ማለት አሠራር የለም ማለት አይደለም። ፕሮግራመሮቹ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያዩ አያልፉ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሐሙስ ማታ ራሱ ሽሮ አዝዞ ይሞክር ይሆናል፤ ስልክ የምታነሳዋ ሠራተኛ ደግሞ ቅሬታ የሚበዛበትን ሰዓት ከማንም በላይ ታውቃለች። ቴስተሯ ከእሷ ጎን ተቀምጣ ያለፉትን ሦስት ወራት ቅሬታዎች ከስልክ መዝገቡና ከቴሌግራም መልእክቶች ለቅማ በየዓይነታቸው ትቆጥራለች። ከ60 ቅሬታ 22ቱ ስለ ክፍያ፣ 14ቱ ስለ አድራሻ፣ 9ኙ «መመዝገብ አቃተኝ» የሚሉ ሆነው ተገኙ እንበል። ይህች ቁጥር በአንድ ቀን ተኩል ትሰበሰባለች፤ ከየትኛውም የተዘጋጀ የሰነድ ናሙና ይልቅ ስልቱን የምትመራውም እሷ ናት።

መመዝገብ ያቃታቸው ዘጠኙ ደንበኞች ሲታዩ የሁሉም ስልክ ቁጥር በ07 የሚጀምር ይሆናል። ምዝገባውን የጻፈው ፕሮግራመር የሞባይል ቁጥር ሁሉ በ09 የሚጀምር አድርጎ ወስዶታል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም በሰው እጅ አሉ። ቢሮው ውስጥ ሁሉም የያዘው 09 ስለሆነ ስህተቱ ለማንም አልታየም። የራስን ስልክ ብቻ ይዞ መፈተሽ የሚያሳውረው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ስጋቶችን በደረጃ ማስቀመጥ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጥያቄ ይቀርባል፤ የመበላሸት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢበላሽስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ለሁለቱም ከ1 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቶ ይባዛል። ዕድሉን የሚያውቁት ፕሮግራመሮቹ ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ የሚነካካውንና ከውጭ ድርጅት ሥርዓት ጋር የተያያዘውን ክፍል ለይተው ይናገራሉ። ጉዳቱን የሚያውቁት ባለቤቱና ስልክ የሚያነሱት ናቸው። በዚህ መንገድ ክፍያ 3 በ3 ተባዝቶ 9 ያገኛል፤ ምዝገባ 2 በ3 ተባዝቶ 6፤ የመገለጫ ፎቶ ደግሞ ቢበላሽም ምግብ ስለማያስቀር 3 ላይ ይቀራል። ስብሰባው ላይ ሁሉም ለየራሱ ክፍል 3 መስጠት ይወዳል። ለጉዳት 3 የሚያገኙት ከሦስት ክፍል አይበልጡም ብሎ መነሳት ይህን ይገታል። ቴስተሯ ነጥቡን ብቻዋን መስጠት የለባትም፤ ብቻዋን ከሰጠች ያልተፈተሸው ክፍል በተበላሸ ዕለት ጥፋቱም የእሷ ብቻ ይሆናል።

ዘጠኝ ነጥብ ያገኘው ክፍያ ከሳምንቱ 20 ሰዓት ስድስት ሰባቱን ቢወስድ አይበዛበትም። ስጋቱ የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ ከደንበኛው ሒሳብ ይወጣል፣ መተግበሪያው «አልተከፈለም» ይላል፣ ደንበኛውም ደግሞ ይከፍላል። ከጀርባው ያለው አሠራር እንዲህ ነው። ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ካስገባ በኋላ የክፍያ አገልግሎት ሰጪው ለድርጅቱ ሰርቨር «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ይልካል። ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ብሎ በጊዜው ካልመለሰ ያው መልእክት ሁለተኛ ሊላክ ይችላል። ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ ሁለት ክፍያ ከመዘገበ ሒሳቡ ይዛባል፤ መልእክቱ ጭራሽ ካልደረሰ ደግሞ የተከፈለው እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

ስለዚህ «ክፍያ ይሠራል» ብሎ ለማለት አንድ ጊዜ ከፍሎ ማየት አይበቃም። በአገልግሎት ሰጪው የመሞከሪያ አካውንት አምስት ሁኔታዎች ይፈጠራሉ። የምስጢር ቁጥሩ እንደገባ የስልኩን ዳታ ማጥፋት፤ የመክፈያውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መጫን፤ መልስ እየተጠበቀ መተግበሪያውን ዘግቶ እንደገና መክፈት፤ በቂ ገንዘብ ከሌለው ሒሳብ መክፈል፤ በመጨረሻም በፕሮግራመር እርዳታ ያንኑ የማረጋገጫ መልእክት ለሰርቨሩ ሁለት ጊዜ መላክ። ከእያንዳንዱ በኋላ ሦስት ቦታ ይታያል፤ የስልኩ ስክሪን፣ የድርጅቱ ዳታቤዝና የአገልግሎት ሰጪው የክፍያ ዝርዝር። አዲስ ቴስተር ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ስክሪኑ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ እምነት የሚጣልበት ያነሰው ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ሁለቴ ተከፍሎበት እንደሆነ ለማየት እንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ ይበቃል፤

```
SELECT order_id, COUNT(*)
FROM payments
WHERE status = 'PAID'
GROUP BY order_id
HAVING COUNT(*) > 1;
```

መልሱ ባዶ ሊሆን ይገባዋል። አንድ መስመር እንኳ ከወጣ ያ ትእዛዝ ሁለት ክፍያ ተመዝግቦበታል ማለት ነው። መፍትሔው የክፍያው ሪፈረንስ ቁጥር በዳታቤዙ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ከዚያ በኋላ ድጋሚ የመጣው መልእክት ሁለተኛ ክፍያ ሊፈጥር አይችልም። ደንበኛው ራሱ በእርግጥ ሁለቴ ከፍሎ ከሆነ ግን ሪፈረንሱ የተለያየ ስለሆነ ይህ ክልከላ አይዘውም፤ ያ ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ ለብቻው ያስፈልገዋል። ጥያቄውም የራሱ ወሰን አለው፤ ተከፍሎ ጭራሽ ያልተመዘገበውን አያሳይም። እሱ የሚገኘው የቀኑን የክፍያ ዝርዝር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር በማመሳከር ብቻ ነው። ቴስተሯ ዳታቤዙን የማንበብ እንጂ የመቀየር ፈቃድ ባይኖራት ለሁሉም ይበጃል።

ሦስተኛው ሥራ የሐሙስ ዝርዝር ነው። አዲሱ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ያው የሚደገም፣ 12 ነጥብ ያልበለጠ፣ በ40 ደቂቃ የሚያልቅ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ በአዲስ ቁጥር መመዝገብ፣ ምግብ መፈለግ፣ ማዘዝ፣ መክፈል፣ ትእዛዙ ምግብ ቤቱና አድራሹ ዘንድ መድረሱን ማየት፣ መሰረዝ። ፍተሻው በቢሮው ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ፣ ባለቤቱ በያዘው ውድ ስልክ ሳይሆን ደንበኞች በሚበዙበት ርካሽ ስልክ ይደረጋል። የትኛው ስልክ እንደሚበዛ የሰርቨሩ መዝገብ ይናገራል፤ ከዚያ ሁለት መርጦ መግዛት ነው። ከ12ቱ አንዱ ካልሠራ ቅጂው ይውጣ አይውጣ የሚለው ማን እንደሆነም በገጹ ላይ በስሙ ይጻፋል። ይህች አንዲት መስመር ከሌለች ሐሙስ ማታ ክርክር ይነሳል፣ የደከመው ወገን ይሸነፋል፣ ቅጂውም እንደነበረ ይወጣል።

የቀረው ሰዓት ለነጻ ፍተሻ ነው። በዝርዝር ያልታሰረ ሆኖ ሥርዓት ያለው ፍተሻ ለማድረግ ወንድማማቾቹ ጆናታን እና ጄምስ ባክ በ2000 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ለብቸኛ ቴስተር ይስማማል፤ አንድ ጥያቄ ይዞ ለ90 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጡ መመርመርና የታየውን ማስታወሻ መያዝ። ጥያቄው ለምሳሌ «ደንበኛ በአማርኛ ሲፈልግ ያገኛል ወይ?» ሊሆን ይችላል። ምግብ ቤቱ ስሙን «ፀሐይ» ብሎ አስመዝግቧል፤ ደንበኛው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና «ምንም አልተገኘም» ይላል። ሌላኛው ጥያቄ ስለ ሰዓት ነው። ደንበኛ ለጠዋት ቁርስ «2፡00» ብሎ ሲያዝ መተግበሪያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል ወይ? እንዲህ ያሉት ከውጭ አገር በተቀዳ የፍተሻ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስባቸው።

ባለቤቱ «ለምን ፕሮግራም አይፈትሽልንም?» ማለቱ አይቀርም። ስክሪኑ በየሳምንቱ በሚቀየር መተግበሪያ ላይ ስክሪን የሚነካካ ፍተሻ በፕሮግራም ቢጻፍ በየሳምንቱ ይሰበራል፤ ብቸኛዋ ቴስተርም የፍተሻ ጠጋኝ ሆና ትቀራለች። ለጊዜው በፕሮግራም መፈተሽ ያለበት ስክሪን የማይነካው ስሌት ነው፤ የዋጋ፣ የቅናሽና የማድረሻ ክፍያ ድምር። እሱንም ስሌቱን የጻፉት ፕሮግራመሮች ቢጽፉት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ «አንፈትሽም» የሚለው ክፍል ይሞላል፤ ደንበኛ የማይበዛባቸው አሮጌ የአንድሮይድ ቅጂዎች፣ የወር ሪፖርቱ፣ የመገለጫ ፎቶው። እያንዳንዱ ከነምክንያቱ ተጽፎ ባለቤቱ ካነበበው በኋላ ይስማማበታል። የበዓል ሰሞን የትእዛዝ ጎርፍም ለጊዜው እዚሁ ሊገባ ይችላል፤ ፋሲካ ሲቀርብ ግን ከዚያ ወጥቶ ነጥቡ እንደገና ይሰጣል።

ስልቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ደንበኛ ዘንድ በደረሰ ስህተት ነው። እያንዳንዱ ሲመጣ ገጹ ወጥቶ ይታያል። ተፈትሾ ያለፈ ከሆነ የፍተሻው ዘዴ ደካማ ነበር። ሊፈተሽ ተጽፎ ያልተፈተሸ ከሆነ የሰዓት ድልድሉ ተሳስቷል። ከነጭራሹ ያልተጻፈ ከሆነ ስጋቱ ሲዘረዘር መስማት የነበረበት ሰው አልተሰማም። «አንፈትሽም» ከተባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከተገመተው በልጦ እንደሆነ ይመዘናል፤ ካልበለጠ ውሳኔው ባለበት ይጸናል፣ ከበለጠ ያ ክፍል ወደ ላይ ይወጣል፤ በእሱ ምትክም ሰዓቱን የሚለቅ ሌላ ክፍል ይመረጣል።