ሦስት ጠያቂዎች በአንድ መለኪያ፦ የገንዘብ ያዥ ቅጥር ቃለ መጠይቅ

በፒያሳ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከሙዳየ ምጽዋት ሌላ ከሱቅ ኪራይም ገቢ ያለው አንድ የአራዳ ደብር ገንዘብ ያዥ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቷል እንበል። ሰበካ ጉባኤው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አንድ ሰው መርጦ ሦስት ጠያቂዎችን ሰይሟል፤ ስድስት አመልካቾችም ቀርበዋል። አንደኛው ጠያቂ የአመልካቹን ትሕትና፣ ሁለተኛው አንደበቱን፣ ሦስተኛው የትምህርት ማስረጃውን እያየ ነጥብ ቢሰጥ፣ ሦስቱም ከመቶ 80 ብለው ቢጽፉ እንኳ የለኩት ሦስት የተለያየ ነገር ስለሆነ ድምሩ ትርጉም አይኖረውም።

እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያጠብበው መለኪያውን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር ነው። «ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ» ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም፤ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ሁሉም በየራሱ ልክ ይተረጉመዋልና። እ.ኤ.አ. በ1963 ፓትሪሺያ ስሚዝና ሎርን ኬንዳል የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን የነርሶችን ሥራ ለመመዘን ባወጡት ዘዴ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በሚታይ ድርጊት ተገልጿል። ለደብራችንም የሚስማማው ይኸው ነው።

ጥያቄው የሚወጣው ሥራው ሰውን ከሚፈትንበት ቦታ ነው። ይህንን ቦታ ለማወቅ የቀድሞ ገንዘብ ያዦችንና የቁጥጥር ክፍሉን መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ፦ «ሙዳየ ምጽዋት ተከፍቶ ቆጣሪዎቹ 18,950 ብር ብለው መዘገቡ። እርስዎ ሲረከቡ 18,450 ብር ሆኖ አገኙት። ቀኑ መሽቷል፤ አለቃውም ‹ይፈርሙ፣ ነገ ይስተካከላል› አሉዎት። ምን ያደርጋሉ?»

ለዚህ ጥያቄ 1 የሚሰጠው እፈርማለሁ፣ ወይም ጉድለቱን ከኪሴ እሞላለሁ ላለ ነው። ከኪስ መሙላት ቅንነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አይገልጠውም። 3 የሚሰጠው አልፈርምም ብሎ ቆጣሪዎቹ ባሉበት እንደገና እንዲቆጠር ለሚጠይቅ፣ ነገር ግን ልዩነቱ በጽሑፍ እንዲቀር ለማያደርግ ነው። 5 የሚሰጠው ደግሞ እንደገና አስቆጥሮ፣ ልዩነቱ ከጸና ሁሉም የሚፈርሙበት ቃለ ጉባኤ አስይዞ፣ በእጁ በገባው ገንዘብ ልክ ብቻ ደረሰኝ ለሚቆርጥ ነው። 2 እና 4 በመካከል ለሚወድቁ መልሶች ይቀመጣሉ። ይህ መለኪያ በጠያቂዎቹ እጅ ብቻ ይቆያል። ጥያቄው ግን ለስድስቱም በአንድ ቃልና በአንድ ቅደም ተከተል ይነበባል፤ ማብራሪያ ካስፈለገም ሁሉም «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ከአንዱ አመልካች ጋር የትውልድ አገር ጨዋታ ተጀምሮ ከሌላው ጋር ከቀረ መለኪያው ፈረሰ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ጠያቂ መጀመሪያ የሰማውን ቃል፣ ቀጥሎም ነጥቡን ለብቻው ይጽፋል። ነጥቦቹ ሲነበቡ አስተዳዳሪው በመጨረሻ ቢያነቡ ይመረጣል፤ ቀድመው ከተናገሩ ሌሎቹ ከአክብሮት የተነሣ ይከተሏቸዋል።

አንድ አመልካች «ደግሜ አስቆጥራለሁ፤ ካልተስማማም ባገኘሁት ልክ ደረሰኝ እቆርጣለሁ» ብሎ መለሰ እንበል። ነጥቦቹ 5፣ 4 እና 2 ሆኑ። በሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ሲለያዩ አማካይ ከመውሰድ በፊት ማስታወሻዎቹ ይነበባሉ። 5 የሰጠው ደረሰኙን ሰምቶ ቃለ ጉባኤው አለመጠቀሱን ዘንግቷል። 2 የሰጠው ደግሞ አመልካቹ ለአለቃው እንቢ ማለቱን እንደ ድፍረት ቆጥሯል፤ ይህ ግን በመለኪያው የለም። እንደገና ሲጽፉ 4፣ 4 እና 3 ሆነ። የአንድ ነጥብ ልዩነት ቢቀር አያስጨንቅም። ለአንድ አመልካች በሁሉም ጥያቄ 4 የሰጠ ጠያቂ ግን ይመርመር፤ ምናልባት የመዘነው መልሱን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

አንድ ጠያቂ በባሕርይው ንፉግ ቢሆን፣ ሁሉንም አመልካች እስከመዘነ ድረስ ንፉግነቱ በሁሉም ላይ ስለሚያርፍ ደረጃቸውን ብዙ አያናውጥም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ቀብር ወይም ስብሰባ ጠርቶት ሲቀር ነው። ጠዋት የቀረበው አመልካች 4፣ 4 እና 2 አግኝቶ አማካዩ 3.3 ይሆናል፤ ከሰዓት የቀረበውና ያንኑ የመለሰው ግን ከቀሩት ሁለቱ 4 እና 4 አግኝቶ 4 ይሆናል። ስለዚህ የቀረው ጠያቂ የሰጣቸው ነጥቦች ከሁሉም አመልካቾች ላይ ተነሥተው በሁለቱ ብቻ ማወዳደር ይገባል።

በጥያቄ የሚታወቀው አመልካቹ ትክክለኛውን መንገድ ማወቁ ነው፤ በመንገዱ መሄዱን አያረጋግጥም። ለዚህ ዋስትናና ከቀድሞ አሠሪ የሚገኝ ምስክርነት ለየብቻ ይጠየቃሉ። የመቁጠርና የመመዝገብ ችሎታውም የአንድ ሳምንት ደረሰኞች ተሰጥተውት መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ይታያል፤ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።