መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው? ሰውየው ወይስ ጀርሙ?

ለዘር የምታስቀምጡትን እህል እንዴት ነው የምትመርጡት? ድርቁንና ዋጉን ችሎ ያፈራውን ትለያላችሁ። እሱን ስትዘሩ፣ ከርሞ ማሳው በሙሉ የዚያ ብርቱ እህል ልጅ ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን እያቋረጠ የሚውጥ ሰውም ሳያውቀው ለበሽታው ብርቱ ዘር ይመርጥለታል። እንዴት?

የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። በሽታው በጠናበት ሰው ሳንባ ውስጥ የጀርሙ ብዛት ከመቶ ሚሊዮን ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ጀርም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ካንዲት ላም የተወለዱ ጥጆች እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ጀርሙም ሲራባ አልፎ አልፎ ከሌላው የተለየ ይፈጠራል። ከሚሊዮን አንድ ያህሉ አይሶናያዚድ የሚባለው መድኃኒት የማይገድለው ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት የሚችል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚችል ግን ከመጀመሪያው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በሽተኛ አንድ ዓይነት ሳይሆን አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ ይሰጠዋል። አንዱ የሳተውን ሌላው ይገድለዋል። አራቱ ለ2 ወር ይዋጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ለ4 ወር ይቀጥላሉ። ባጠቃላይ 6 ወር መሆኑ ነው።

ይህ ትምህርት የተገኘው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ስትሬፕቶማይሲን የሚባል አዲስ መርፌ ለ55 የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ብቻውን ሰጡ። በ6 ወር ውስጥ ከነዚህ የሞቱት 4 ብቻ ነበሩ። መርፌው ካልተሰጣቸው 52 ሰዎች ግን 14 ሞቱ። መርፌው በሽታውን ድል የነሣ መሰለ። ነገር ግን መርፌውን የቻሉት ጥቂት ጀርሞች ተርፈው ነበርና እንደገና ተራቡ። 5 ዓመት ሲሞላ ከ55ቱ 32 ሞተው ነበር።

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። አንድ ገበሬ ይስላል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ይከሳል። አክታው ሲመረመር ጀርሙ ተገኘ፤ መድኃኒትም ጀመረ። ወር ሳይሞላ ሳሉ ቀለለ፤ ምግብም ተስማማው። አጨዳ ደረሰ። «ድኛለሁ» አለና አንድ ቀን ውጦ ሦስት ቀን ይተው ጀመር። ከዚያም ከገበያ አንድ ዓይነት ክኒን ብቻ ገዝቶ ዋጠ። መድኃኒት በሌለበት ቀን ጀርሙ ይራባል። መድኃኒት ሲመለስ ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ይቀራል። እንዲህ እየተመላለሰ በመጨረሻ ሳንባውን የሞላው መድኃኒቱን የለመደው ጀርም ሆነ።

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። ስሕተት ነው። የለመደው ሰውነት ሳይሆን ጀርሙ ነው። ጀርም ደግሞ ካንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የዚያ ገበሬ ልጅ አንዲት ክኒን እንኳ ሳይውጥ፣ ከአባቱ ሳል የሚይዘው ጀርም ከመጀመሪያው መድኃኒት የለመደ ነው። ጥፋቱ የአባት፣ ሕመሙ የልጅ ይሆናል።

ጀርሙ መድኃኒት መልመዱ በሳል ድምፅ አይለይም። የሚጠረጠረው መድኃኒት እየተዋጠ ሳሉ ሲብስ ነው። 2 ወር ተውጦ በአክታ ውስጥ ጀርም ሲታይም ይጠረጠራል። በሽታው ተመልሶ ሲመጣ፣ ወይም በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲኖር እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ አክታው በልዩ መሣሪያ ይመረመራል። ሪፋምፒሲንን መልመድ አለመልመዱ በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቃል።

ቢለምድም መድኃኒት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ቀድሞ ሕክምናው 20 ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ለወራት በየቀኑ የሚወጋው መርፌም አንዳንዱን ሰው ያደነቁር ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለብዙዎቹ በሽተኞች በ6 ወር የሚያልቁ የሚዋጡ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ሆኖም እነዚህ በየጤና ጣቢያው አይገኙም፤ የቅርብ ክትትልም ይፈልጋሉ። እነሱንም ጀርሙ ከለመዳቸው የሚቀረው ምርጫ ጥቂት ነው።

መድኃኒት ስትውጡ ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት ካላቆመ ግን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክኒኑን መተው ወይም መለወጥ ካስፈለገ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሳሉ ቢጠፋም 6 ወሩን ቆጥራችሁ ጨርሱ። ሳል የሚጠፋው ጀርሙ ሲያንስ ነው፤ የቀረው ጥቂቱ ግን የከርሞ ዘር ነው።

አንብባችሁ ተወያዩ
1. አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ የሚሰጠው ለምንድን ነው?
2. መድኃኒት ያልዋጠ ልጅ፣ መድኃኒት በለመደ ጀርም እንዴት ሊታመም ይችላል?