የንግድ ቤት መሣሪያ የመዝገብ ዋጋ ከግዢ ሰነድ ስለሚወጣበት ሒሳብ

ለሽያጭ ያልተገዛ፣ ነገር ግን የንግዱ ሥራ የሚካሄድበት ዕቃ ሁሉ፣ ማለት ሚዛኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የጭነት መኪናውና የእህል ማበጠሪያው፣ ቋሚ ንብረት ይባላል። እንዲህ ያለው ዕቃ የተገዛበት ገንዘብ በተገዛበት ዓመት ብቻ እንደ ወጪ አይቆጠርም። ዕቃው አገልግሎት በሚሰጥባቸው ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። በየዓመቱ በወጪ የሚመዘገበው ድርሻ የእርጅና ቅናሽ ሲባል፣ ገና ያልተቀነሰው ገንዘብ ደግሞ የመዝገብ ዋጋ ይባላል። ስሌቱ ራሱ ከማባዛትና ከመቀነስ የማያልፍ ነው። ስሕተቱ የሚገባው ግን ከስሌቱ በፊት፣ የግዢው ሰነድ በሚነበብበት ጊዜ ነው።

ይህንም ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይበቃል። ሁለት ሽርካዎች በእኩል ድርሻ ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ንግድ ቤት አላቸው እንበል። በ2014 ዓ.ም. አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ መኪና ከውጭ አገር አስመጡ። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ከሽርካዎቹ አንደኛው ድርሻውን ተቀብሎ ለመውጣት ስለ ፈለገ፣ መኪናው በመዝገብ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ አስፈለገ። የንግድ ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ የመኪናው ቀሪ ዋጋ 280,000 ብር ነው አለ። የግዢው ፋይል እንደ ገና ሲመረመር ግን ትክክለኛው ቀሪ ዋጋ 380,000 ብር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 100,000 ብር ስለ ሆነ፣ የሚወጣው ሽርካ ዝም ብሎ ቢፈርም ኖሮ ከመዝገቡ ሒሳብ 50,000 ብር ይጎድልበት ነበር።

ጸሐፊው የተሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዋጋው ነው። በመዝገብ ያሰፈረው የሻጩን ኢንቮይስ፣ ማለት 640,000 ብር ብቻ ነበር። ነገር ግን የአንድ መሣሪያ ዋጋ ማለት መሣሪያው በቦታው ተተክሎ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ የግድ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ነው። በፋይሉ ውስጥ ለመርከብ ጭነትና ለኢንሹራንስ 48,000 ብር፣ ለማይመለስ ቀረጥ 32,000 ብር፣ ከወደብ እስከ መጋዘን ለመኪና ጭነት 30,000 ብር፣ ለመሠረቱ ሲሚንቶ፣ ለተከላውና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው 50,000 ብር የተከፈለባቸው ደረሰኞች ተገኙ። እነዚህ 160,000 ብር ሲሆኑ፣ ጸሐፊው በዚያው ዓመት ልዩ ልዩ ወጪ ብሎ ጽፎአቸው ነበር። ከኢንቮይሱ ጋር ሲደመሩ የመኪናው ዋጋ 800,000 ብር ይሆናል።

በፋይሉ የተገኘ ክፍያ ሁሉ ግን አይደመርም። ዕቃው በወደብ ከተወሰነው ቀን በላይ በመቆየቱ የተከፈለ ቅጣት የመዘግየት ዋጋ እንጂ የመኪናው ዋጋ ስላልሆነ፣ የዚያው ዓመት ወጪ ነው። ሠራተኞችን ለማሠልጠን የወጣውም እንዲሁ ነው። በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ከቀረጡ ጋር ተያይዘው የሚታዩት ተጨማሪ እሴት ታክስና በቅድሚያ የተያዘ የትርፍ ግብር በተለይ መለየት ይገባቸዋል። ነጋዴው የሚያቀናንሳቸው ወይም የሚታሰቡለት ከሆነ፣ በመንግሥት ዘንድ ያለው ሒሳብ እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደሉም። የዲክላራሲዮኑን ጠቅላላ ድምር እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ዋጋውን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ቀኑ ነው። ጸሐፊው ቅናሹን የጀመረው ገንዘቡ ከተከፈለበት ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን መኪናው በዚያን ጊዜ ገና በባሕር ላይ ነበረ። እርጅና የሚቆጠረው መሣሪያው ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህም ቀን ከኢንቮይሱ ሳይሆን ከተከላው ርክክብ ወረቀት ይገኛል፤ በዚህ ምሳሌ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የንግድ ቤቱ የሒሳብ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለ ሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የሚታሰበው ስድስት ወር ብቻ ነው። በወር ለሚያሰላ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደ አንድ ወር ቢይዛት ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ሆኖ ስሌቱ ይቀልለታል።

እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009፣ በልዩ ምድብ ላልተመደበ መሣሪያ በእኩል ቅናሽ ዘዴ በዓመት 15 ከመቶ መድቦ ነበር። ምሳሌውም በዚሁ መጣኔ ተሠርቷል። የራሱን ሒሳብ የሚሠራ ነጋዴ ግን መጣኔው ተሻሽሎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የ800,000 ብር 15 ከመቶ 120,000 ብር ነው። ለ2014 ዓ.ም. ግማሹ 60,000 ብር፣ ለ2015፣ ለ2016ና ለ2017 ዓ.ም. ደግሞ በየዓመቱ 120,000 ብር ይቀነሳል። ድምሩ 420,000 ብር ስለሚሆን፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የቀረው 380,000 ብር ነው። ጸሐፊው ግን ከ640,000 ብር ላይ በዓመት 96,000 ብር፣ ለመጀመሪያው ዓመት የዘጠኝ ወር 72,000 ብር አስቦ በጠቅላላው 360,000 ብር ስለ ቀነሰ፣ 280,000 ብር ቀረለት።

በዚህ ዘዴ ቅናሹ ከዋጋው በላይ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዚህ መኪና ዋጋ የሚያልቀው በስድስት ዓመት ከስምንት ወር ነው። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2020 ዓ.ም. 780,000 ብር ስለሚቀነስ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀረው 20,000 ብር ብቻ ነው። በልማድ 120,000 ብር የሚጽፍ ሰው የሌለ ወጪ ይጽፋል። የመዝገብ ዋጋው ከዜሮ በታች ሆኖ የታየ እንደ ሆነ፣ ስሕተቱ የተሠራው በዚህ መንገድ መሆኑ ይታወቃል።

በመጨረሻም ሽርካዎቹ አንድ ክርክር ነበረባቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ በብር እጅግ ስለ ተወደደ፣ አንድ ገዢ ለአሮጌው መኪና 600,000 ብር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ታዲያ መዝገቡ ሐሰት ነውን? አይደለም። የመዝገብ ዋጋ ከተከፈለው ገንዘብ ገና ያልተቀነሰውን ይናገራል እንጂ ገበያው የሚሰጠውን አይናገርም። መኪናው በዚያ ዋጋ ቢሸጥ 220,000 ብሩ ከቋሚ ንብረት ሽያጭ የተገኘ ጥቅም ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል፤ ከሰሊጥ ሽያጭ ጋር አይደባለቅም። ሳይሸጥ ግን ስለ ተወራለት ዋጋ ብቻ መዝገቡ ከፍ አይደረግም። ስለዚህ ሽርካዎች ሲለያዩ፣ ድርሻው የሚከፈለው በመዝገብ ዋጋ ነው ወይስ በገማች ዋጋ የሚለውን አስቀድመው በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። መዝገቡ ትክክል ካልሆነ ግን የሚከራከሩበት መነሻ እንኳ አይኖራቸውም።

ለዚህ የሚበቃው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ገጽ ነው። በገጹ ላይ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የዋጋው ክፍሎች ከነደረሰኝ ቁጥራቸው፣ ለሥራ ዝግጁ የሆነበት ቀን፣ በየሰኔ 30 የተቀነሰውና የቀረው ገንዘብ ይጻፋል። በዓመቱ መጨረሻ የገጾቹ ቀሪ ሁሉ ተደምሮ ከዋናው መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎም ሒሳብ ሠራተኛው ገጾቹን ይዞ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል፤ ገጽ ኖሮት በቦታው የሌለ መሣሪያ፣ ወይም በቦታው ኖሮ ገጽ የሌለው መሣሪያ ቢያገኝ፣ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ምክንያቱን ይጠይቃል።