ጉልበቱ ያበጠ ሠራተኛ ለአለቃው ምን ብሎ ይጻፍ?

ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጉልበቱ ሲያብጥ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ ይከብደዋል። «ሥራህ ተቀምጦ አይደለም እንዴ?» መባሉን ይፈራል። ያበጠ ጉልበት ግን በመቀመጥ አያርፍም። መገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ጉልበቱ ይወጠራል፤ ሙሉ በሙሉ መታጠፍም ሆነ መዘርጋት ያቅተዋል። ወንበር ላይ ሰዓታት ሲያልፉ እግር ተንጠልጥሎ ስለሚውል እብጠቱ ይጨምራል። ታክሲ መጠበቁ፣ ደረጃ መውጣቱና መውረዱ ሲታከልበት ደግሞ የሚድነው ጉዳት ይከርማል። አለቃ ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ እንዲረዳው ማድረግ የደብዳቤው ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛን እናስብ። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከታክሲ ስትወርድ ቀኝ ጉልበቷ ዞረባት። ማታ ደኅና ነበረች፤ ሰኞ ጠዋት ግን ጉልበቷ አብጦ እግሯን መርገጥ አልቻለችም። ለኃላፊዋ ደውላ ከተናገረች በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ መረመራት፤ ራጅ ተነሳች፤ አጥንቷ አልተሰበረም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልም አጥንት ሳይጎዳ እንዳልቀረ ነግሯት የ10 ቀን ዕረፍት ጻፈላት። በማግስቱ ይህን ጻፈች፦

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ

እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሥራ ሰዓት ውጭ በደረሰብኝ ጉዳት ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ከፍተኛ ሕመም እየተሰማኝ ነው። በአሁኑ ጊዜ ያለ ክራንች መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና እግሬን አጥፌ ለረዥም ሰዓት መቀመጥ አልችልም። ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን ጠዋት በስልክ እንዳሳወቅሁዎ ታክሜአለሁ፤ ሐኪሙም ከጥቅምት 10 እስከ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ10 ቀን እንዳርፍ አዝዟል።

ስለሆነም በተጠቀሱት ቀናት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጥቅምት ወር የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ተዘጋጅቶ የሚቀረው ማጣራት ብቻ ሲሆን፣ ፋይሉ ያለበትን ለሥራ ባልደረባዬ አስረድቻለሁ። አስቸኳይ ጥያቄ ሲኖር በስልክ ልገኝ እችላለሁ። ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ወደ ሥራ ለመመለስ አስቤአለሁ፤ ሐኪሙ ዕረፍቱን ካራዘመው ግን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ

አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለሰው ኃብት አስተዳደር

ደብዳቤው አጭር ነው፤ አንድ ኃላፊ ለመወሰን የሚያስፈልገው ግን አልጎደለበትም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሠራተኛዋ ማድረግ የማትችለውን ለይታ መጻፏ ነው። «አሞኛል» የሚል ቃል አለቃን ለጥርጣሬ ይጋብዛል። «ደረጃ መውጣት አልችልም» የሚለው ግን ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ኃላፊ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። የልም አጥንቱን ጉዳይ ያላነሳችውም በቂ ምክንያት ስላላት ነው። የሕመሙ ዝርዝር የሐኪምና የታካሚ ጉዳይ ነው፤ ገና ያልተረጋገጠ ግምትን በደብዳቤ ማስፈር ደግሞ ኋላ ምርመራው ሌላ ሲያሳይ የተዋሸ ያስመስላል።

«ከሥራ ሰዓት ውጭ» የሚለው ሐረግም ክብደት አለው። ጉዳቱ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የቢሮውን ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ቢሆን፣ ነገሩ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ይሆናል። የሕክምና ወጪውና ክፍያው የሚታይበት ድንጋጌም ይለያል። እንዲህ ያለ ሰው ቦታውን፣ ሰዓቱንና ያየ ሰው ካለ ስሙን በደብዳቤው ላይ ማስፈር አለበት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ መብቱ ነው። ደመወዙ በመጀመሪያው ወር ሙሉ ይከፈለዋል፤ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ የተወሰደው ሁሉ ተደምሮ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር ሊበልጥ አይችልም። የሂሳብ ሠራተኛዋ 10 ቀን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ስለሆነ ደመወዟ አይነካም፤ ከዓመት ፈቃዷም አይቀነስም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ስለሆነ የወራቱ አቆጣጠር ለእነሱ ይለያል።

ሠራተኛው በበኩሉ ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አሠሪው መታመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቁ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀረ በማግስቱ ማሳወቅ አለበት። ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃም ማቅረብ አለበት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲያብጥ በመጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው፤ የወጌሻ ቃል ግን ለፈቃድ ማስረጃ አይሆንም። ስብራት ወይም ኢንፌክሽን ያለበትን ጉልበት ማሸትም ጉዳቱን ያባብሳል። ሌላው ስህተት ሳምንት ተኝቶ ከቆዩ በኋላ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሐኪሙ ባላየው ቀን ላይ ማስረጃ ለመስጠት ይቸገራልና ያለፉት ቀናት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ስማችሁ በትክክል መጻፉን፣ የዕረፍቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን መኖሩን፣ የሐኪሙ ፊርማና የተቋሙ ማኅተም መሟላቱን ተመልከቱ። «10 ቀን» ብቻ ከተባለ ከመቼ ይቆጠር፣ እሑድስ ይገባል ወይ የሚል ክርክር ይነሣል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። መራመድ ካልቻላችሁ ቤተሰብ ወይም ባልደረባ መዝገብ ቤት ያድርስላችሁ። አንዱ ቅጂ እዚያ ይቀራል፤ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርምበትና ወደ እናንተ ይመለሳል። ወር ሲያልቅ ደመወዝ ቢቆረጥ ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢመጣ መከራከሪያችሁ ይኸው ቅጂ ነው። ፈቃዱ ሳያልቅ ጉልበቱ ካልተሻለም የመጨረሻውን ቀን ሳትጠብቁ ተመልሳችሁ ታዩ፤ ለተጨማሪዎቹ ቀናት አዲስ ማስረጃና አዲስ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ደብዳቤውን ወደ ጎን ትቶ መሮጥ የሚገባበት ጊዜም አለ። ጉልበቱ ከማበጡ ሌላ ከቀላና ካቃጠለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ሊያበላሽ የሚችል ሕመም ነው። ጉዳት እንደደረሰ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ማበጡም ጅማት ተበጥሶ ወይም አጥንት ተሰብሮ ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ለአለቃው አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል፤ ደብዳቤውን በማግስቱ ያደርሳል።