መዋጮው ለስንት ሰው ይካፈል?

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ በየሰፈሩ ያሉ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ለአቅመ ደካማ አረጋውያን የበዓል አስቤዛ ያሰባስባሉ። አስተባባሪውም ለአባላቱ የመዋጮ ደብዳቤ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ስለ መረዳዳት ሁለት አንቀጽ ያወራና «እያንዳንዱ አባል የቻለውን ያዋጣ» ብሎ ያበቃል። አባሉ ግን ስለ መረዳዳት ሊሰበክ አይገባውም፤ ቡድኑ ውስጥ የገባው አምኖበት ነው። ማወቅ የሚፈልገው ስንት ብር፣ ለምን እና እስከ መቼ እንደሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ቡድኑ ለ50 ቤተሰቦች አስቤዛ ሊሰጥ አስቧል። ለአንድ ቤት የዱቄቱ 500፣ የዘይቱ 950፣ የቡናው 280፣ የመያዣ ከረጢቱ ደግሞ 20 ብር ነው፤ ድምሩ 1,750። ለ50 ቤት 87,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ሌላ ቤተሰቦቹ 50 ቢሆኑም 30 ቢሆኑም የማይቀንስ ወጪ አለ፤ የጭነት መኪናው 4,000፣ የድንኳንና የወንበር ኪራዩ 6,500 ብር። ደብዳቤው ሁለቱን ዓይነት ወጪ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ገንዘቡ ካነሰ የሚቀነሰው ከየትኛው እንደሆነ አንባቢው የሚረዳው ያኔ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትል መስመር ግን ባትገባ ይሻላል፤ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

እስካሁን 98,000 ብር ደርሰናል። በበዓል ሰሞን ገበያው ስለሚንር አሥር በመቶ፣ ማለትም 9,800 ብር፣ መጠባበቂያ እንያዝ። ከባለፈው ዝግጅት የተረፈ 7,800 ብር ካለ ደግሞ ይቀነስ። ከአባላት የሚፈለገው ልክ 100,000 ብር ይሆናል። ከባለፈው የተረፈውን ሳይጠቅሱ አዲስ መዋጮ መጠየቅ የከፋ ነው፤ አባላቱ ያስታውሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በመዝገብ 60 አባላት አሉ እንበል። አስተባባሪው 100,000ን ለ60 አካፍሎ «በነፍስ ወከፍ 1,667 ብር» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ለዓይን ደስ ይላል። ነገር ግን ባለፈው ዝግጅት የከፈሉት 40 ብቻ ነበሩ። ዘንድሮም 40 ቢከፍሉ የሚገባው 66,680 ብር ነው፤ 33,320 ብር ይጎድላል። መጠባበቂያው ሙሉ በሙሉ ቢውል እንኳ 23,520 ብር ይቀራል፤ ይህም 14 ቤተሰብ አስቤዛ አያገኝም ማለት ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሚታወቀው ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ስም ዝርዝሩ ለቀበሌው ከተሰጠ በኋላ ነው። ስለዚህ አካፋዩ በመዝገብ የሰፈረው ሳይሆን ከዚህ በፊት የከፈለው ሰው ብዛት ይሁን። ያኔ ድርሻው 2,500 ብር ይመጣል። ይከብዳል፤ ግን እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው። ከከበደ የቤተሰቦቹን ቁጥር ከመጀመሪያው መቀነስ ይቻላል።

ደብዳቤው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ውድ የቡድናችን አባላት፣ ለ50 ቤተሰቦች አስቤዛ ለማድረስ ከእኛ 100,000 ብር ይጠበቃል። ዝርዝሩ ከዚህ በታች ሰፍሯል። 40 ያህል አባላት እንደምንከፍል ታሳቢ አድርገን ድርሻውን 2,500 ብር አድርገነዋል። የአንድ ቤት አስቤዛ 1,750 ብር ስለሆነ፣ ሙሉው የሚከብዳችሁ ይህን ወይም ግማሹን መሸፈን ትችላላችሁ። በዚህ ወቅት ያልተመቻችሁ በማሸግና በማደል አግዙን፤ ምክንያት አንጠይቅም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ያልከፈሉትን ስም እየለጠፉ ማሳፈር ጥቂት ብር ያስገባ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ስብሰባ አይመጣም።

የመክፈያው ቀን ከበዓሉ ሳይሆን ከግዢው ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ከነጋዴው የሚወሰደው ፕሮፎርማ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና የሚገልጽ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከዚያ ቀን በፊት መግባት አለበት። ፕሮፎርማው ነሐሴ 28 የሚያበቃ ከሆነ ደብዳቤው «እስከ ነሐሴ 25» ይበል። ገንዘቡ በአስተባባሪው የግል ቴሌብር ባይገባ ይመረጣል፤ ሁለት ሰው ፈርሞ የሚያወጣበት የባንክ ሒሳብ ቢሆን እሱም ከሐሜት ይተርፋል። ከፋዩ በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ ስሙን እንዲጽፍም ይነገረው፤ ያለዚያ ገንዘብ ያዡ ያልታወቁ ገቢዎችን ሲያጣራ ይውላል።

በዓይነት የሚሰጥም አለ። አንድ አባል አሥር ጀሪካን ዘይት አመጣለሁ ካለ፣ ቃሉ ከግዢው በፊት ተመዝግቦ ከዘይቱ መስመር ይቀነስ፤ በነጋታው ደውሎ ማረጋገጥም የገንዘብ ያዡ ሥራ ነው። ይህ ካልተደረገ ዘይቱ ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ ወይም ሁሉም በእሱ ተማምኖ ማንም ሳይገዛው ይቀራል።